ስልሳው ቀን መቼ ሞላ? ጳጉሜ 6 እና በእጅ የሚቆጠር ቀን

ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት አዲስ ዓመት በፈረንጆቹ መስከረም 11 ሳይሆን መስከረም 12 ይገባል። ያኔ ሰው ሁሉ «ዘንድሮ ለምን ተገፋ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሳምንት ሳይሞላውም ይረሳዋል። ቀኗ ግን አልጠፋችም። ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ የውል ጊዜ ሲሞላ ብቅ ትላለች። አንዱ «አልዘገየሁም» ይላል፣ ሌላው «አንድ ቀን አሳልፈሃል» ይላል። ሁለቱም በጣታቸው ቆጥረዋል፣ ሁለቱም እውነተኞች ናቸው። የተሳሳተው ቆጠራው ነው።

በአዲስ አበባ ዳርቻ እንዲህ ያለ ክርክር የሚበረክትበት ምክንያት አለው። የኮንዶሚኒየም ቤት ብዙ ጊዜ ሳያልቅ ነው የሚረከቡት። ሴራሚኩን፣ ጂፕሰሙን፣ ቀለሙን ባለቤቱ ራሱ ያሠራል። ውሉም በአንድ ገጽ በእጅ ይጻፋል። «በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ጨርሼ አስረክባለሁ፣ ካሳለፍኩ በቀን ይህን ያህል ልቀጣ» ይላል። ቀኑ በቁጥር ይቀመጣል። የመጨረሻው ዕለት ግን አይጻፍም።

አንድ ውል በቱሉ ዲምቱ

ለማሳያ ያህል እንዲህ ያለ ውል እንውሰድ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የአንድ ቤት ፊኒሺንግ ነው። የተፈረመው አርብ ነሐሴ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ ሳይፈታ ነው። ሥራው በ60 ቀን ያልቃል። ካለፈ በቀን 2,000 ብር ቅጣት አለው። የፈረሙበት ቀን እንደማይቆጠርና ቆጠራው ከነጋታው እንደሚጀምር ተስማምተዋል።

ባለሙያው ጥቅምት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ቁልፉን ይዞ ይመጣል።

«ወንድሜ፣ አንድ ቀን አሳልፈሃል።»

«ኧረ ጋሼ፣ ዛሬ ነው ስልሳው የሚሞላው። ቆጥሬ ነው የመጣሁት።»

ቆጥሯል፣ እውነቱን ነው። ከነሐሴ የቀረው 18 ቀን ነው። ጳጉሜን 5 ብሎ ደመረ፣ 23 ሆነ። መስከረም 30 ሲጨመር 53። ስልሳ ለመሙላት 7 ይቀራል፣ ስለዚህ ጥቅምት 7። ድምሩ ላይ አንድም ስህተት የለም። ችግሩ በ2015 ጳጉሜ 6 ነበረች። 18 እና 6 ሲደመር 24፣ ከመስከረም ጋር 54፣ የቀረው 6 ነው። ስልሳኛው ቀን ጥቅምት 6 ነበር። በዚህ ውል መሠረት ባለሙያው 2,000 ብር ዕዳ አለበት፣ እሱ ግን ያለበት አይመስለውም።

ሁለት ስህተት ሲስማሙ

አሁን ባለሙያው እንደ ጠንቃቃ ሰው በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ፈለገ እንበል። ስልኩ ላይ በፈረንጅ ቀን ይቆጥራል። ነሐሴ 12 በፈረንጅ ኦገስት 18፣ 2023 ነው። ከዚያ 60 ቀን ሲቆጠር ኦክቶበር 17 ይመጣል። ይህ ትክክል ነው። ከዚያ ኦክቶበር 17ን ወደ እኛ ቀን ይመልሳል። ብዙ ሰው በቃሉ የያዘው ጥቅምት 1 ማለት ኦክቶበር 11 እንደሆነ ነው። በዚያ ከሄድን ኦክቶበር 17 ጥቅምት 7 ይሆናል። «ይኸው! በሁለት መንገድ ቆጠርኩት፣ ያው ነው» ይላል።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ግን ያው የመጀመሪያው ስህተት ነው፣ ልብስ ቀይሮ የመጣ። ጥቅምት 1 ከኦክቶበር 11 ጋር የሚገጥመው ከፊቷ ያለችው ጳጉሜ 5 ስትሆን ነው። ጳጉሜ 6 ከሆነች አዲሱ ዓመት በአንድ ቀን ይገፋል። ስለዚህ ጥቅምት 1 ቀን 2016 የዋለው ኦክቶበር 12 ላይ ነበር። በዚያ ዓመት መስቀልም የዋለው በፈረንጅ መስከረም 28 ነው፣ በለመድነው 27 አይደለም።

ይህ መገፋት ዓመቱን ሙሉ አይዘልቅም። ፈረንጆቹም በአራት ዓመት አንዴ አንድ ቀን ይጨምራሉ። «ሊፕ ዪር» የሚሉት ይህንኑ ነው፣ ቀን የሚጨመርበት ዓመት ማለት ነው። እነሱ ግን የሚጨምሩት ፌብሩዋሪ 29 ላይ ነው፣ እኛ ከጨመርን ከስድስት ወር ገደማ በኋላ። በ2016 ፌብሩዋሪ 29 የዋለው የካቲት 21 ነበር። ከየካቲት 22 ጀምሮ ሁለቱ አቆጣጠሮች ወደ ለመዱት ግጥጥም ተመለሱ። ስለዚህ በቃል የያዝነው ማመሳከሪያ የሚያሳስተው በአራት ዓመት አንዴ፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ ነው። ሰው የማይጠረጥረውም ለዚህ ይመስለኛል። ሦስት ዓመት ተኩል በትክክል የሠራ ነገር በድንገት ይሳሳታል ብሎ ማን ያስባል?

ይህን መገፋት ሳናስተውለው የምናውቅበት አንድ በዓል አለ። ገና በሌላ ጊዜ ታኅሣሥ 29 ይከበራል። ጳጉሜ 6 በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ግን ታኅሣሥ 28 ይሆናል። በፈረንጅ አቆጣጠር ስናየው ሁሌም ጃንዋሪ 7 ነው። «ገና ዘንድሮ 28 ነው» ሲባል ከሰሙ፣ ያለፈችው ጳጉሜ 6 ነበረች ማለት ነው።

የትኛዋ ጳጉሜ ናት 6 የምትሆነው?

እዚህ ላይ በየጨዋታው የሚደበላለቅ ነገር አለ። ትምህርት ቤት «ለአራት ሲካፈል ቀሪ የሌለው ዓመት ሊፕ ዪር ነው» ብለን ተምረናል። ይህ የፈረንጅ ዓመት ሕግ ነው። በእኛ ዓመት ላይ እንዳለ ከተጫነ ያሳስታል።

የእኛ አራት ዓመታት በወንጌላውያን ስም ይጠራሉ፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። ጳጉሜ 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። ዘመነ ሉቃስ ደግሞ ለአራት ሲካፈል 3 የሚተርፈው ዓመት ነው። 2007፣ 2011፣ 2015 እንዲህ ነበሩ። ቀጣዩ 2019 ነው። ለአራት እኩል የሚካፈለው 2016 ዘመነ ዮሐንስ ነው፣ ጳጉሜውም 5 ነበረች።

ከታኅሣሥ 1 ቀን 2015 እስከ ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 ስንት ቀን ነው? የትምህርት ቤቱን ሕግ የያዘ ሰው «2016 ነው የሚጨመርበት፣ የ2016 ጳጉሜ ደግሞ ገና ናት፣ ስለዚህ 365» ይላል። መልሱ 366 ነው። ሌላው ደግሞ ከታኅሣሥ 2016 እስከ ታኅሣሥ 2017 ሲቆጥር ቀን ይጨምራል፣ እዚያ ደግሞ መጨመር አልነበረበትም። ዋናው ጥያቄ «ዓመቱ ሊፕ ነው ወይ?» አይደለም። «በሁለቱ ቀኖች መካከል የሉቃስ ጳጉሜ አለች ወይ?» ነው። በዘመነ ሉቃስ ውስጥ ተጀምሮ ሰኔ ላይ ያለቀ ውል ጳጉሜን አያገኛትም፣ ስለዚህ አይነካም።

በአንድ መስመር መቁጠር

የእኛ አቆጣጠር ለእጅ ሒሳብ ከፈረንጁ ይቀላል። ወሩ ሁሉ 30 ነው። የምትጨመረውም ቀን የዓመቱ መጨረሻ ላይ ናት፣ መሀል ገብታ አትበጠብጥም። ስለዚህ በጣት መሄድ አያስፈልግም።

የመነሻውን ዓመት ከመጨረሻው ዓመት ይቀንሱና በ365 ያባዙ። ሁለቱን ዓመቶች ለየብቻ ለ4 አካፍለው ቀሪውን ይጣሉ፣ ከዚያ ልዩነታቸውን ይደምሩ። እነዚያ የሉቃስ ጳጉሜዎች ናቸው። የወሮቹን ልዩነት በ30 ያባዙና ይደምሩ። በመጨረሻ የቀኖቹን ልዩነት። መስከረም 1ኛ ወር፣ ጳጉሜ 13ኛ ወር ተብለው ይቆጠራሉ። የሚገኘው ልዩነት ከዜሮ በታች ከሆነ የመቀነስ ምልክቱን ይዞ ይሄዳል።

የቱሉ ዲምቱው ውል እንዲህ ይሆናል። ነሐሴ 12ኛ ወር፣ ጥቅምት 2ኛ ወር ነው። 2016 ለ4 ሲካፈል 504፣ 2015 ለ4 ሲካፈል ቀሪው ተጥሎ 503።

```
365 × (2016 − 2015) = 365
504 − 503           = 1
30 × (2 − 12)       = −300
6 − 12              = −6
ድምር                = 60
```

ሁለተኛዋ መስመር ላይ ያለችው 1 ናት የ2,000 ብሯ ጉዳይ። እሷ ከተዘነጋች ድምሩ 59 ይሆናል፣ ባለሙያውም አንድ ቀን የተረፈው ይመስለዋል።

ይህ ማካፈል አዲስ ነገር አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አባቶች «መጠነ ራብዒት» የሚሉት ይኸው ነው። በእነሱ አሠራር በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ይደመራል፣ ያ ዓመተ ዓለም ይባላል። እሱ ለ4 ሲካፈል የሚገኘው መጠነ ራብዒት ነው። ሁለቱ ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ ቀሪው መስከረም 1 የዋለበትን ዕለት ይነግራል። 1 ከተረፈ ማክሰኞ፣ 2 ከተረፈ ረቡዕ እያለ ይቀጥላል፣ ምንም ካልተረፈ ሰኞ ነው። ለ2016 እንሞክረው። 7,516 ለ4 ሲካፈል 1,879። ሁለቱ ሲደመሩ 9,395። ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ማክሰኞ። እውነትም የ2016 እንቁጣጣሽ ማክሰኞ ነበር።

ዕለቱ አይዋሽም

በእጅ የተቆጠረን ቀን ለመፈተሽ ከሁሉ የሚቀለው ዕለቱን ማየት ነው። ሳምንት ሊፕ ዪር አያውቅም። ጳጉሜ 5 ሆነች 6፣ ከአርብ ቀጥሎ ቅዳሜ ነው።

ውሉ የተፈረመው አርብ ነው። ስልሳ ቀን ማለት ስምንት ሳምንትና 4 ቀን ነው። ከአርብ አራት ቀን ሲቆጠር ማክሰኞ ይመጣል። ስለዚህ ስልሳኛው ቀን የግድ ማክሰኞ መሆን አለበት። ባለሙያው ቁልፉን ያመጣው ጥቅምት 7 ረቡዕ ነበር። እዚያው ላይ ክርክሩ ያበቃል፣ ካልኩሌተርም አያስፈልግ።

መፈተሻው የሚሠራው ስህተቱ ሰባት ወይም የሰባት ብዜት ካልሆነ ነው። አንድ ወይም ሁለት ቀን የተዘነጋ ከሆነ ሁሌም ይይዘዋል።

የማይይዘው ግን ሌላ ነገር አለ። ሁለት ስህተት ተጣፍተው መልሱ ትክክል ሲመስል። ባለሙያው ፈርሞ የወጣበትን ነሐሴ 12ን ራሱን «አንድ» ብሎ ቢጀምር፣ ጳጉሜንም 5 ቢያደርግ፣ ስልሳው ጥቅምት 6 ላይ ይሞላለታል። ትክክለኛውን ቀን አገኘ፣ በሁለት ስህተት። በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ዘዴ ቢቆጥር ጥቅምት 6 ይላል፣ ትክክለኛው ግን ጥቅምት 7 ነው።

ኮምፒውተሩስ?

«በኤክሴል ብሠራው ይሻላል» የሚል ይኖራል። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ ቢያስገቡለት ዝም ብሎ ይቀበላል፣ ፈረንጅ ቀን ነው ብሎ። ቀንን ከወር አስቀድሞ በሚያነብ ኤክሴል 12/12/2015 እና 6/2/2016 ተጽፎ `=B1-A1` ከተባለ መልሱ 56 ነው። ዲሴምበር 12 እና ፌብሩዋሪ 6 መስሎት ነው። አራት ቀን ጠፋ፣ ማስጠንቀቂያም የለም። ጥቅምት 30 ወይም ጳጉሜ 6 ሲጻፍለት ግን እንዲህ ያለ ቀን ስለማያውቅ ጽሑፍ አድርጎ ይይዘዋል፣ መቀነሱም `#VALUE!` ይላል። ያኛው ይሻላል፣ ቢያንስ ስህተት እንዳለ ይናገራል። ቀኖቹን መጀመሪያ በትክክል ወደ ፈረንጅ መልሶ ማስገባት ነው መፍትሔው። መመለሱ ላይ ደግሞ ያቺ ከመስከረም እስከ የካቲት ያለችው ወጥመድ እንዳለች ነች።

«ጳጉሜ አትቆጠርም» የሚሉስ?

ከባለሙያው ወገን ሌላ መከራከሪያ ሊነሳ ይችላል፣ በሽምግልናም ቀላል አይደለም። በብዙ ቦታ የወር ደመወዝም ሆነ የቤት ኪራይ ለጳጉሜ ለብቻ አይከፈልም። አከራይ ለጳጉሜ ቢጠይቅ ሰው ይስቅበታል። ታዲያ ለክፍያ የማትቆጠር ጳጉሜ ለቅጣት ለምን ትቆጠራለች?

ክርክሩ ውኃ የሚያነሣው ውሉ በወር ሲሆን ነው። «በሁለት ወር አስረክባለሁ» ተብሎ ቢሆን፣ ከነሐሴ 12 ሁለት ወር ጥቅምት 12 ነው ማለት በልማዳችን ተገቢ ነው። ያኔ ጳጉሜ በመሀል ታልፋለች። ውሉ ግን «60 ቀን» ይላል። ጳጉሜ ውስጥ ፀሐይ ወጥታ ትገባለች፣ ሴራሚክም ይለጠፋል። ቀን ተብሎ ከተጻፈ እያንዳንዷ መቆጠር አለባት ብዬ አስባለሁ። ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። ነሐሴ ላይ በተፈረመ ውል «60 ቀን» ጥቅምት 6 ሲያበቃ፣ «ሁለት ወር» ጥቅምት 12 ይደርሳል። በቀን 2,000 ብር ሲታሰብ 12,000 ብር ነው። ሁለቱን አንድ ነገር አድርጎ መጻፍ ከሊፕ ዪሩም በላይ ያጣላል።

ዋጋው መቼ ይከብዳል?

ሁሉም የቀን ስህተት እኩል አይደለም። አንድ ሰው ጥር 15 ቀን 2010 ለጎረቤቱ 200,000 ብር በዓመት 9 በመቶ አበደረ እንበል። የተመለሰለት መስከረም 20 ቀን 2018 ነው። በጣት የሚቆጥር ሰው ሰባቱን ዓመት በ365 አባዝቶ፣ የመጨረሻውን 250 ቀን ጨምሮ 2,805 ይላል። የ2011 እና የ2015 ጳጉሜዎች ግን መሀል ላይ አሉ፣ ትክክለኛው 2,807 ነው። ዕለቱም ይመሰክራል። ሁለቱም ቀኖች ማክሰኞ ናቸው፣ ከማክሰኞ እስከ ማክሰኞ ደግሞ ለ7 እኩል የሚካፈል መሆን አለበት። 2,807 ይካፈላል፣ 2,805 አይካፈልም። በገንዘብ ሲታይ ግን የአንድ ቀን ወለድ 49 ብር ከ32 ሳንቲም ገደማ ነው። የሁለቱ ቀን መቶ ብር እንኳ አይሞላም። ለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት አይጣላም።

የሚከብደው ቀኑ ገደብ ሲሆን ነው። ወለድ በስምንት ዓመት ሁለት ቀን ቢዛነፍ ሳንቲም ነው። የ60 ቀን ገደብ ግን በአንድ ቀን ሲዛነፍ ወይ በጊዜው ነው ወይ ዘግይቷል፣ መሀል የለውም። ገደቡ ባጠረ ቁጥር ደግሞ ሰው አይጠራጠርም። ስምንት ዓመት የሚቆጥር ሰው ሊፕ ዪር ትዝ ይለዋል፣ ስልሳ ቀን የሚቆጥር አይለውም።

ስለዚህ ነሐሴ ላይ የሚፈረም ውል የመጨረሻውን ዕለት ከነስሙ ቢይዝ ይበጃል። «በ60 ቀን ውስጥ፣ ማለትም እስከ ማክሰኞ ጥቅምት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ» ማለት። ቁጥሩ ቢሳሳት ዕለቱ ያጋልጠዋል፣ ዕለቱ ቢሳሳት ቁጥሩ። በሚቀጥለው የሉቃስ ዓመት ያው ውል ነሐሴ 12 ቀን 2019 ቢፈረም ስልሳው የሚሞላው እንደገና ጥቅምት 6፣ በ2020 ነው። ያ ዕለት ግን እሑድ ነው። እሑድ ቁልፍ መረከብ ይቆጠራል ወይስ ወደ ሰኞ ይተላለፋል? እሱንም ከመፈረሙ በፊት እዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ ነው።